«መጣሁ» ብሎ የሄደ ሰው፦ brb እና idk በሥራ መልእክት ውስጥ

በደቡብ ወሎ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ የመውጫ ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከክትባት ክፍል እንዲህ የሚል መልእክት ገባ፦

fridge 10 lay nw idk lol. brb

የጻፈችው ተመርቃ ከመጣች ብዙም ያልቆየች ነርስ ናት። ካነበቡት መካከል የክትባት ክፍሉን ለዓመታት ሲመሩ የኖሩት ሲስተር ይገኙበታል። idk ሲተነተን «አላውቅም»፣ brb ደግሞ «አሁን እመለሳለሁ» እንደሆነ ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። ብትጠይቋቸው ተመሳሳይ መልስ ይሰጧችኋል። ሆኖም በዚያ ምሽት ከዚያች አንድ መስመር ሁለት የማይገናኝ ነገር ተረድተው ነው ያደሩት። እኔ የፋርማሲ ሰው ነኝ፤ ጉዳዩ በቀጥታ ባይመለከተኝም ጠዋት ላይ ነገሩ ሲወራ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ይህች መስመር ከአእምሮዬ አልወጣችም።

መጀመሪያ ስለ ፍሪጁ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ የመልእክቷ ክብደት አይገባም። የክትባት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ መቆየት አለበት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ተነቦ በሩ ላይ በተለጠፈው ቻርት ላይ ይመዘገባል። ቅዳሜና እሑድም፣ በዓልም አይቀርም። ከ8 በላይ ከወጣ ያነበበው ሰው መመዝገቡ ብቻ አይበቃም፤ መብራት መኖሩን፣ በሩ መግጠሙን፣ መቆጣጠሪያው አለመነካቱን ያያል፣ ለኃላፊው ይናገራል፣ ካልተስተካከለ ክትባቱ ወደ ቀዝቃዛ ሳጥን ይዛወራል። ማዛወሩም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ድርቅ ያለ የበረዶ እሽግ እንደወጣ ከክትባቱ ጋር አይቀመጥም፤ እንደ ፔንታቫለንት ያሉት ሙቀትን ከመፍራት ይልቅ ቅዝቃዜን ይፈራሉ፣ አንዴ ከረጉ አለቀላቸው። ስለዚህ በረዶው ውስጡ ውኃ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ውጭ ይቆያል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ወሬው በቶሎና በትክክል ሲደርስ ነው።

እንግዲህ «10» ማለት ችግር ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ነው የጻፈችው።

ሲስተር መልእክቱን ቤታቸው ሆነው አነበቡት። የተረዱት እንዲህ ነው፦ ልጅቷ 10 የሚል ነገር አይታለች፣ ግን እርግጠኛ አይደለችም፣ አላውቅም ብላለች፤ ስቃበታለች፣ ስለዚህ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ሄዳ አጣርታ ወዲያው ትመለሳለች። መመለሷን ጠበቁ። ዝም ስትል ነገሩ ተስተካክሏል ማለት ነው ብለው ተኙ። ተረኛው ነርስም ያው «ትመለሳለች» ብሎ ነው የተወው።

ልጅቷ የጻፈችው ደግሞ ይህን ነበር፦ ፍሪጁ 10 ነው፣ አንብቤዋለሁ፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም፣ ደስም አላለኝም፤ ይህን ስል ማንንም መክሰሴ አይደለም፤ እኔ ወጥቻለሁ፣ ቻው።

ጠዋት ሙቀቱ 12 ሆኖ ተገኘ። የበሩ ዙሪያ ጎማ አንድ ጥግ ላይ ተጣጥፎ ኖሮ፣ በሩ የተዘጋ እየመሰለ አየር ሲያስገባ አድሯል። ክትባቱ ግን ተርፏል። በብልቃጦቹ ላይ ቪቪኤም የሚባል ትንሽ ምልክት አለ፤ ክብ ሆኖ መሀሉ ላይ አራት ማዕዘን አለው። አራት ማዕዘኑ ሲጀመር ከክቡ የነጣ ነው፤ ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ያ ብልቃጥ ይጣላል። ሲስተር እያንዳንዱን አነሡና በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ሁሉም ነጭ ነበር። የአንድ ሌሊት 12 ዲግሪ ሙቀትን በጣም የሚፈራውን የፖሊዮ ጠብታ እንኳ አያደርሰውም። 20 ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ማንም ሳያየው ቀናት ቢደረቡበት ኖሮ፣ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ልጅቷ ስትገባ ሲስተር አልተቆጧትም። «ልጄ፣ እመለሳለሁ ብለሽ ጽፈሽ እኮ ነው የጠበቅኩሽ» አሏት።

«ሲስተር፣ ወላሂ እመለሳለሁ አላልኩም» አለች።

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩዋት። brb። ልጅቷ አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው። «ይሄማ... ሄድኩ ማለት ነው» አለች። የሚያስገርመው ነገር ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

የሲስተር እድሜ የኔንም ያህል ባይሆን ቅርብ ነው፤ brbን የተማርነው አንድ ቦታ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በነበሩት ኢንተርኔት ቤቶች፣ በደቂቃ ሒሳብ እየተከፈለ፣ በያሁ ሜሴንጀር። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ቦታ ነበር። ወንበሩ ላይ ከተቀመጥህ አለህ፣ ከተነሣህ የለህም። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ከጀርባህ ቆሞ ይተነፍሳል። ከአረብ አገር የሚጽፍልህ ዘመድ አንተ ለምን ዝም እንዳልክ አያይም፤ መብራት ይጥፋ፣ መስመር ይቆረጥ፣ ሳንቲም ለማምጣት ወጥተህ ይሁን የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ከመነሣትህ በፊት brb ትላለህ፤ ያም ቃል ኪዳን ነው። ወንበሩ የኔ ነው፣ መስኮቱን አትዝጋው፣ ይኸው ተመልሼ እቀመጣለሁ ማለት ነው።

ምህጻረ ቃሉ ከዚያ በፊትም የኖረው በዚሁ ትርጉሙ ነው። አይአርሲ የሚባለውን የጽሑፍ መወያያ አንድ ፊንላንዳዊ፣ ያርኮ ኦይካሪነን፣ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ብዙ ሰው ባንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ማን ከኪቦርዱ ፊት እንዳለ፣ ማን ሻይ ሊያፈላ እንደተነሣ ማወቅ የሚቻለው ሰውየው ራሱ ከነገረህ ብቻ ነበር። ምህጻረ ቃሉ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ መኖርና አለመኖር የሚለይበት ጊዜ ስለነበር።

አሁን ማን ነው ከስልኩ የሚነሣው? ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው፣ ትራስ ሥር ነው፣ ባጃጅ ውስጥም አብሮ ነው። ከዚህ ትውልድ ውስጥ «ከመስመር ላይ ወጣሁ» የሚለው ነገር ትርጉም የሚሰጠው ጥቂት ነው። መሄድና መምጣት ሲጠፋ «እመለሳለሁ» የሚለው ቃል ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ ቃል ደግሞ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ወጣቶቹ ሲጠቀሙበት ሁለት መልክ አያለሁ። አንደኛው እንደ ልጅቷ፣ ጨዋታን ለስለስ አድርጎ መዝጊያ ነው። ሁለተኛው ስሜት መግለጫ ነው፤ «brb crying» ብለው ይጽፋሉ፣ ሊያለቅሱ ሄደው ሊመለሱ ፈልገው አይደለም፣ ነገሩ ልባቸውን እንደነካው ሲነግሩህ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚመለስ ሰው የለም።

በእርግጥ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ለመገረም መብቱ ያለን አይመስለኝም። «መጣሁ» የሚለውን ቃል አስቡት። ሰውየው እየሄደ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶሃል፣ ጫማውን አጥልቋል፣ የሚናገረው ግን ባለፈ ጊዜ ግሥ መምጣቱን ነው። ደሴ ያደገ ሰው «መጣሁ» ሲባል አምስት ደቂቃም፣ ግማሽ ቀንም፣ «በቃ ቸር እንሰንብት»ም ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ቃሉ ሳይሆን ሰውየው ነው፤ ቦርሳውን ትቶ ነው ወይስ ይዞ የወጣው? ድምፁ ወደ ታች ወረደ ወይስ ወደ ላይ? ኮቱ ወንበሩ ላይ አለ? ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ እናነባለን፣ ሳናስተውለው። ስልክ ላይ ኮት የለም። brb ባዶውን ይመጣል፣ አንባቢውም ከራሱ ዘመን ኮት አውጥቶ ያለብሰዋል።

idk ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በሥራ ላይ የከፋ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ነው።

ለኔና ለሲስተር idk መረጃ ነው። የሚናገረውም ስለ እውቀት ነው፦ የለኝም። ለሃያዎቹ መጀመሪያ ላሉት ግን idk አብዛኛውን ጊዜ ስለ እውቀት ምንም አይልም። ሐሳብን ከማስቀመጥ በፊት ወይም በኋላ የሚጨመር ማለስለሻ ነው። «idk ቀለሙ አያምርም» ብላ የምትጽፍ ልጅ ቀለሙ እንደማያምር በደንብ ታውቃለች፤ የምትልህ «ይህ የኔ ስሜት ነው፣ ካልተስማማህ አልጣላህም» ነው። የደረቀ አባባል ባለጌ የሚመስልበት የጽሑፍ ዓለም ውስጥ ስላደጉ፣ አስተያየትን ያለ ማለስለሻ መወርወር ለነሱ ጨዋነት አይደለም። ይህንን ጨዋነታቸውን አከብራለሁ። ታላላቆቻቸው «ስድ አደግ» ሲሏቸው በየግሩፑ አያለሁ፤ እኔ የማየው ግን ላለማስቀየም ሲሉ እውቀታቸውን ዝቅ አድርገው የሚያቀርቡ ልጆችን ነው።

ይህም ቢሆን ከቤታችን አይርቅም። «እንጃ» አለን። እናቴ ሰማዩን አይታ «እንጃ» ካለች ልብስ ከገመድ ላይ ይነሣል። አባት ልጁን ሊያገባ ስለመጣው ሰው ተጠይቆ «እንጃ ብቻ...» ካለ ነገሩ አለቀ፣ ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ቃሉ አለማወቅን ቢያወራም ሁሉም ሰው የሚሰማው ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲያውም ከባድ ማስጠንቀቂያ፤ በቀጥታ «አይሆንም» ከማለት የከበደ። የልጅቷ idk ትክክለኛ ትርጉሙ ይህ የእናቴ «እንጃ» ነበር። ፍሪጁ ደስ አላላትም። በፊደል «ፍሪጁ 10 ነው፤ እንጃ ብቻ» ብላ ብትጽፈው ኖሮ፣ ሲስተር ነጠላቸውን ደርበው ይመጡ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ idk ውስጥ ግን ያንን አላገኙትም። የእንግሊዝኛው ፊደል ለሳቸው የቆመው «አላውቅም» ላይ ነው።

ስለ lol ብዙ አልልም፤ ታሪኩ የታወቀ ነው። «ጮክ ብዬ ሳቅሁ» ብሎ ተነሥቶ ዛሬ የሚስቅበት ሰው የለም። ጆን ማክዎርተር የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2013 ባደረገው ንግግር lol የሳቅ ምልክት መሆኑን ትቶ በተናጋሪዎች መካከል መግባባትን የሚያሳይ ደቂቅ ቃል ሆኗል ብሎ አስረድቷል፤ የልጅቷን መልእክት ሳየው እንደዚያው ነው። ለሷ «አትቀየሙኝ» ነበር። ለሲስተር ሳቅ ነበር፤ የሚሳቅበት ነገር ደግሞ አያጣድፍም።

እዚህ ላይ «lay nw» የሚለውን ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወጣቶች ፊደላቸውን የሚንቁ ስለሚመስለው። አማርኛን በላቲን የጀመርነው እኛ ነን፤ ምክንያቱም ሒሳብ ነበረው። አንድ አጭር የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ ሰባት ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የኛ ፊደል ግን በዩኒኮድ አሥራ ስድስት ቢት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዚያው መልእክት ውስጥ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ያውም ስልኩ ግዕዙን ካወቀው ነው፤ የዚያን ጊዜዎቹ አብዛኞቹ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ነበር የሚያሳዩት። በ1997 ምርጫ ማግስት ተዘግቶ የነበረው አጭር መልእክት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በሚሌኒየሙ ሰሞን ሲከፈት ሁላችንም በአንዴ የገባንበት መንገድ ይሄው ነው፦ በላቲን፣ አናባቢ እየጣሉ። slm፣ btam፣ dna nsh፣ 10q።

የመጨረሻዋን እዩልኝ። 10q፣ «ቴንኪው»። በቁጥር ድምፅ መጻፍ እኛም የለመድነው ብልሃት ነው፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን ቁጥር ድምፅ ሊሆን በሚችልበት ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ «10» ምን እንደሆነ መጠርጠር ይጀመራል። የልጅቷን መስመር ያነበበው አንድ ባልደረባችን «10 lay nw» ሲል ያየው ሰዓት መስሎት ነበር፤ ፍሪጁ በ10 ሰዓት የታየ። ዲግሪ የሚል ነገር አልተጻፈማ። በአማርኛ «10 ላይ» ለሰዓትም ይሆናል፣ ለሙቀትም ይሆናል፤ የምናወራው እየተያየን ከሆነ ጣት ቴርሞሜትሩን ይጠቁማል። እዚህ ግን የሚጠቁም ጣት የለም።

እንግዲህ ሥራ ላይ የቱ ይከለከል? ጠዋት ላይ ሁሉንም እንከልክል ያሉ ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። «ሻይ ወጥቻለሁ brb» ብሎ የጻፈ ሰው ባይመለስ ሻዩ ነው የሚቀዘቅዘው። በወጣቶቹ መካከል ያለውን ጨዋታ በፊደል ቻርት ማስተካከል ደግሞ ሥራችን አይደለም። የሚለየው ነገር አንድ ይመስለኛል፦ መልእክቱን አንብቦ የሚነሣ ሰው አለ ወይ? አንድ ሰው በዚያ ቃል ተመሥርቶ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ፈረቃ የሚረከብ፣ መኪና የሚያስነሣ፣ ወይም ተኝቶ የሚያድር ከሆነ ምህጻረ ቃሉ ቦታው አይደለም። በተለይ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ቃል ኪዳንና አለማወቅ ሙሉውን መጻፍ አለባቸው። ሦስቱ በልጅቷ መስመር ውስጥ አጥረው ነበሩ፤ ሰዓቱ ጭራሽ አልነበረም።

ሲስተርና ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብለው መልእክቱን እንደገና ጻፉት። ዝም ብዬ አይደለም የማቀርበው፣ እስከ ዛሬ ግሩፑ አናት ላይ ተሰክቶ አለ፦

«የክትባት ፍሪጅ፦ ከቀኑ 11፡20፣ 10 ዲግሪ። ጠዋት 5 ነበር። መብራት አለ። ምክንያቱን አላወቅሁም። እኔ ወጥቻለሁ፣ ዛሬ አልመለስም። ተረኛው ነርስ ይከታተልልኝ።»

በድሮው ሒሳብ ይህ ሁለት መልእክት ይፈጅ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ከ lol ጋር ዋጋው አንድ ነው፤ የማጠር ምክንያቱ ጠፍቶ ልማዱ ነው የቀረው። «አላወቅሁም» እዚህም አለ፣ አልተሰረዘም። ግን ምን እንዳልታወቀ ተነግሯል፤ የማይታወቀው ምክንያቱ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። idk ላይ የጎደለው ይህ ነበር፤ አለማወቁ የቱ ላይ እንደሚያርፍ አይናገርም። «ጠዋት 5 ነበር» የሚለውን ያስጨመሩት ሲስተር ናቸው፤ አንድ ቁጥር ብቻውን የቴርሞሜትር ስሕተት ሊመስል ይችላል፣ ሁለት ቁጥር ግን አቅጣጫ ያሳያል ብለው። «አልመለስም» የሚለውን የጨመረችው ልጅቷ ናት። መጀመሪያ ከብዷት ነበር፤ ለታላቅ ሰው «አልመለስም» ብሎ መጻፍ ድፍረት መሰላት። ሲስተር «አብሽሪ፣ ድፍረቱ አለመናገሩ ነው» አሏት።

ይህ የጨዋነት ነገር ከትርጉም ልዩነቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ መዘዝ አለው። አማርኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ አለው፤ ምህጻረ ቃል ግን ሰው የለውም። አንድ ልጅ ለሲስተር በቃል ሲመልስ «እሺ ሲስተር» ይላል፣ አንገቱንም ይሰብራል። በጽሑፍ k ብሎ ይልካል። እሱ የላከው ያንኑ «እሺ ሲስተር» ነው፤ አንገቱ ግን አብሮ አልተላከም። k በወጣቶቹ መካከል እንኳ ቁጣ እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ለጓደኛቸው የማይልኩትን ለአለቃ የሚልኩት አለቃው ትርጉሙን አያውቅም ብለው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ በብዙ ሙከራዎች ላይ የተመሠረተ የሥነ ልቦና ጥናት፣ ቃል እያሳጠረ የሚጽፍ ሰው በተቀባዩ ዘንድ ከልቡ እንዳልሆነና እንዳልደከመበት እንደሚቆጠር፣ መልስ የማግኘት ዕድሉም እንደሚቀንስ አሳይቷል። በእኛ ግሩፕ ውስጥም ይህ እውነት ነው። የጥበቃው ጋሽዬ ሁልጊዜ ሰላምታቸውን «አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እንደምን አደራችሁ» ብለው ሙሉውን በፊደል ይጽፋሉ፣ ከሁለቱም ወገን መልስ ይጎርፍላቸዋል። ልጆቹ asw ሲሏቸው ይመልሳሉ፣ ግን ደስ አይላቸውም፤ «ዱዓ እንዴት ይቆረጣል?» ይላሉ። ሰላምታን የማሳጠር ነገር በብዙ ምእመናን ዘንድ የሚያሳስብ ጉዳይ ስለሆነ ብቻቸውን አይደሉም። እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ፍሪጅ ላይ ምህጻረ ቃል የሚጎዳው ትርጉም ስለሚያሳስት ነው፤ ሰላምታ ላይ ትርጉሙ ፍጹም ግልጽ ሆኖም ይጎዳል።

ወደ ወረዳ የሚሄደው ሪፖርት ላይ ግን ክርክር የለም። እዚያ የሚያነበው ሰው ከወራት በኋላ የሚመጣ ኦዲተር ሊሆን ይችላል፤ ጻፈችው የተባለችው ነርስ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ወልድያ ተዛውራ ልትጠየቅ አትችልም። የሪፖርት ቋንቋ ጸሐፊው ሲሄድም መናገር አለበት።

አሁን ያላለቀው ጉዳይ አውራ ጣቷ ናት። 👍። ሲስተር «ተረኛው ይከታተል» ብለው ሲጽፉ ተረኛው አውራ ጣት ያስቀምጣል። አይቻለሁ ማለት ነው ወይስ አደርጋለሁ? ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ካለ ካናዳ የደረሰውን ይስማ። በሳስካችዋን ግዛት አንድ የእህል ገዢ እ.ኤ.አ. በ2021 የተልባ ግዢ ውል ፎቶ አንሥቶ ለአንድ ገበሬ ላከና «እባክህ ውሉን አረጋግጥ» አለው። ገበሬው 👍 ብሎ መለሰ። ተልባው ሳይደርስ ቀረ፣ ዋጋው በመሀል ወጥቶ ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ገበሬው «ውሉ ደርሶኛል ማለቴ ነበር» አለ፤ ገዢው «ተስማምቷል» አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዳኛው ከዚህ በፊት ገበሬው በአጭር ቃል እየመለሰ እህል ሲያቀርብ መቆየቱን አይቶ አውራ ጣቷ ፊርማ ናት ብሎ ፈረደ፣ ገበሬውም ከ80 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ተፈረደበት። ይግባኙም አልጠቀመውም።

ልጅቷ ይህን ስነግራት አውራ ጣት ለሷ «አየሁት» ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ሲስተር «ለኔ ደግሞ ተቀብያለሁ ነው» አሉ። ተረኛው ነርስ በበኩሉ ሁለቱንም አይደለም፣ «ሰላም ናችሁ ማለቴ ነው» አለ። እስኪስማሙ ድረስ በፍሪጅ ጉዳይ አውራ ጣት አይቆጠርም፤ የሚረከበው ሰው «ተረክቤያለሁ» ብሎ ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል፣ ሲስተርም ያንን ሳያዩ ስልካቸውን አያስቀምጡም።